የጎደለው ሩብ ጭነት

ወጣት መሐንዲሶች የፋይናይት ኤለመንት ስሌት ሲያመጡልኝ መጀመሪያ የማየው ድጋፎቹ የተሸከሙትን ኃይል ነው። ድምሩ ከጭነቱ ጋር እኩል መሆን አለበት። የማይሆንበትን አንዱን ምክንያት ቀላል ዘንግ ወስደን እንየው።

ዘንጉ ቀጥ ብሎ የቆመ፣ ላይና ታች የታሰረ ነው፤ የሚሸከመው የራሱን ክብደት ብቻ ነው። ርዝመቱን፣ ለመለጠጥ ያለውን ተቃውሞና ጠቅላላ ክብደቱን ሁሉንም 1 እንበል። ከላይ ጫፍ በ x ርቀት ያለ ነጥብ ወደ ታች የሚወርድበት መጠን u ከሆነ፣ እኩልታው −u″ = 1 ነው፤ u በሁለቱ ጫፎች ዜሮ ነው። ትክክለኛው መልስ u = x(1−x)/2 ሲሆን እያንዳንዱ ድጋፍ የክብደቱን ግማሽ ይይዛል።

ለዊክ ፎርሙ እኩልታውን ጫፎቹ ላይ ዜሮ በሆነ ፋንክሽን v እናባዛና ኢንተግራል እንወስዳለን። ከሁለቱ ዴሪቬቲቮች አንዱን ከ u ወደ v ስናዛውር ይህ ይቀራል፦

∫u′v′ dx = ∫v dx

ሁለተኛ ዴሪቬቲቭ ስለማይፈለግ፣ የተሰባበረ ቀጥታ መስመር ለመልስነት ይበቃል። ዘንጉን 4 እኩል ቦታ ከፍለን በየኖዱ የኮፍያ ፋንክሽን እናቆማለን፤ ኮፍያው በራሱ ኖድ 1 ነው፣ ጎረቤት ኖዶች ላይ ሲደርስ ዜሮ ይሆናል። የመሀሉ ሦስት ኖዶች እኩልታዎች ሲፈቱ 3/32፣ 1/8 እና 3/32 ይሰጣሉ። እነዚህ ከትክክለኛው መልስ ጋር አንድ ናቸው፤ አሳሳቹም ይኸው ነው። ኖዶቹን ብቻ ያየ ሰው ስሕተት የለም ይላል።

ኃይሉን ከመጀመሪያው ኤለመንት ስሎፕ ብናወጣ ግን 3/32 ለ 1/4 ሲካፈል 3/8 ነው። ታችም ያው 3/8 ነው። ድምሩ 3/4፤ ሩቡ ክብደት የት ገባ?

ያለው የድጋፉን ኖድ ስናስር በጣልነው ረድፍ ውስጥ ነው። የላይኛው ጫፍ ግማሽ ኮፍያ የራሱ እኩልታ አለው፦

4(u₀ − u₁) = 1/8 + R

ግራው −3/8 ስለሆነ R = −1/2 ይሆናል። ኔጋቲቩ ድጋፉ ወደ ላይ እንደሚይዝ ያሳያል። በየጫፉ የጎደለው 1/8 ለግማሽ ኮፍያው የሚደርሰው የዘንጉ ክብደት ነበር፤ ስሎፑ የኤለመንቱ አማካይ እንጂ የጫፉ ኃይል አይደለም።

ከዚህ ረድፍ የወጡ ኃይሎች ሚዛናቸውን የሚጠብቁት ኮፍያዎቹ ሁሉ ሲደመሩ በየትኛውም ነጥብ 1 ስለሚሆኑ ነው፤ የ1 ዴሪቬቲቭ ዜሮ ስለሆነ፣ ረድፎቹን ስንደምር የሚቀረው ጭነትና ድጋፍ ብቻ ነው። የዘንጉ ውፍረት ከቦታ ቦታ ቢለያይም ይህ ይሠራል። የኖዶቹ ፍጹም ትክክለኛነት ግን በዚያን ጊዜ በአጠቃላይ ይጠፋል። ስለዚህ ሚዛኑ መድረሱን ለክፍፍሉ በቂነት ማስረጃ አድርጌ አልቀበልም። ለዚያ ክፍፍሉን ወደ 8 አሳድገው ስሎፑን እንዲያዩ እጠይቃለሁ፤ በእኛ ዘንግ 3/8 የነበረው 7/16 ይሆናል፣ ከግማሽ የሚጎድለውም ከ1/8 ወደ 1/16 ይወርዳል።