ፕሬሱን በማስመሪያና በሰዓት

ዲላ ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ዙሪያዋ ደግሞ የጌዴኦ ቡና ነው። እዚህ ጋራዥ የሚከፍት ሰው የከባድ መኪናም የቡና መፈልፈያም ዕቃ ይመጣለታል። ከሁለቱም ዘንድ ዘንጉ ላይ ተጣብቆ አልወጣ ያለ ኩሽኔታ አይጠፋም። በመዶሻ ከመደብደብ በሃይድሮሊክ ፕሬስ መግፋት ይሻላል። ግን ፕሬሱ ስንት ቶን ይገፋል? በምን ፍጥነትስ ይወርዳል?

አንድ ፕሬስ እንውሰድ። የሲሊንደሩ የውስጥ ዲያሜትር 100 ሚሊሜትር ነው፤ ፓምፑ በደቂቃ 8 ሊትር ዘይት ይልካል፤ ከፍተኛው ግፊት 200 ባር ነው።

መጀመሪያ የፒስተኑን ፊት ስፋት እንፈልግ። የዲያሜትሩ ግማሽ 5 ሴንቲሜትር ነው። 5 በ5 ሲባዛ 25፣ ያ በ3.14 ሲባዛ 78.5 ካሬ ሴንቲሜትር ይሆናል። አንድ ባር በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲሜትር ላይ አንድ ኪሎ ያህል ይጫናል። ስለዚህ 78.5 በ200 ስናባዛ 15,700 ኪሎ፣ ማለትም 16 ቶን ገደማ እናገኛለን።

ፍጥነቱን የሚሰጠን ዘይቱ ነው። 8 ሊትር 8,000 ኪዩቢክ ሴንቲሜትር ነው። ለ78.5 ስናካፍለው ፒስተኑ በደቂቃ 102 ሴንቲሜትር ይወርዳል፤ 30 ሴንቲሜትር ለመውረድ 18 ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሲሊንደሩን ከውጭ ሲለካ ነው። የብረቱ ውፍረት በየጎኑ 10 ሚሊሜትር ከሆነ የውጩ ዲያሜትር 120 ይሆናል፤ በዚህ ቁጥር ያሰላ ሰው 22 ቶን ተኩል ያለው ይመስለዋል። ትርፉ ሰባት ቶን ያህል ወረቀት ላይ ብቻ ነው።

ጉልበት ያነሰው ሰው ሰፊ ሲሊንደር ሊገጥም ይችላል። ዲያሜትሩ 200 ሲሆን ስፋቱ አራት እጥፍ ያድጋል፤ ጉልበቱም እንዲሁ። ያው ፓምፕ ግን አራት እጥፍ ቦታ መሙላት አለበትና 18 ሰከንዱ 71 ገደማ ይሆናል። አራት እጥፉ ጉልበት ደግሞ የፕሬሱን ፍሬም ሊያጣምም ስለሚችል፣ ፍሬሙ የተሠራበትን ቶን ሳያውቁ ሲሊንደር መቀየር አደጋ ነው። ፍጥነቱን ለመመለስ ትልቅ ፓምፕ ቢገጠም፣ በዚያው ግፊት እንዲሠራ ሞተሩም አብሮ ማደግ ይኖርበታል።

ፓምፑ የሚልከው ዘይት እንጂ ግፊት አይደለም። ፒስተኑ ባዶውን ሲወርድ የግፊት መለኪያው ከዜሮ ብዙም አይርቅም፤ የሚወጣው ኩሽኔታው ሲቃወም ነው። ይህ ብልሽትን ለመለየት ይጠቅማል። ባዶውን 18 መሆን ሲገባው 30 ሰከንድ ከወሰደ ፓምፑ ዘይት እያጠረው ነው፤ መጀመሪያ የዘይቱን መጠንና ማጣሪያውን ማየት ነው። ባዶውን በልኩ ወርዶ ሲጫን ብቻ የሚያዘግም ከሆነ፣ ዘይቱ በግፊት ውስጥ ለውስጥ እያመለጠ ነው፤ የፒስተኑ ጎሚኒ ወይም ያረጀ ፓምፕ ይጠረጠራል።