ኪሎው ሲቀንስ የቀነሰው ምንድን ነው?

በሆስፒታል ልምምድ ላይ ያለ የነርስ ተማሪ አንድ ታማሚ ተመድቦለት ከተኛበት ቀን ጀምሮ ይከታተላል፤ ያየውንና የሠራውንም በአራት ክፍል ጽፎ ለመምህሩ ያቀርባል። መጀመሪያ ታማሚውን ይመረምራል፣ ቀጥሎ ችግሩን ይለያል፣ ከዚያ እንክብካቤውን ይሰጣል፣ በመጨረሻ ውጤቱን ይመዝናል። ታማሚው የጉበት ሲሮሲስ ያለበት ከሆነ ይህ ሥራ በቀላሉ ያሳስታል። በየጠዋቱ በሚዛን የሚታየው ኪሎ ስለ አንድ ሰው ሁለት ተቃራኒ ነገሮችን በአንድ ጊዜ ይናገራልና። ሁለቱን ለይቶ ያልጻፈ ሪፖርት ታማሚውን አላየውም ማለት ነው።

ይህን በአንድ ምሳሌ እንከተለው። ታማሚው በሜዲካል ዋርድ ዘወትር ከሚታየው ተውጣጥቶ ለማስረዳት የተሰናዳ እንጂ አንድ የታወቀ ሰው አይደለም። ዕድሜው 47 ዓመት ሲሆን ገበሬ ነው። ሆዱ ከሁለት ወር በላይ እየተነፋ ሄዷል፤ እግሩም አብጧል። ዓይኑ ቢጫ ሲሆን ቤተሰቡ የወፍ በሽታ ነው ብሎ ለሳምንታት ባህላዊ መድኃኒት ሲያጠጣው ቆይቶ ነው ወደ ሆስፒታል ያመጣው። በገባበት ቀን 67 ኪሎ መዘነ። የሆዱ ዙሪያ በእምብርቱ ላይ ሲለካ 102 ሴንቲ ሜትር ሆነ።

ተማሪዋ ክብደቱን መዝግባ ልታልፍ ስትል አስታማሚ ሆና የመጣችው ሚስቱ፣ «ኧረ ልጄ፣ ሆዱ እኮ ነው የተነፋው፤ እሱማ አልቋል» አለቻት። ተማሪዋ ጋቢውን ገለጥ አድርጋ አየች። ሰረሰሩ ጎድጉዷል፣ የትከሻው አጥንት ወጥቷል፣ የላይኛው ክንዱ ዙሪያ 20.5 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። በሲሮሲስ ታማሚ ላይ ሚዛኑ የሚያሳየው ሥጋንና ውኃን አንድ ላይ ነው። ብዙ ውኃ በሆድ ሲጠራቀምና እግርም ሲያብጥ፣ ትክክለኛውን ክብደት ለመገመት ከሚታየው እስከ 20 በመቶ ይቀነሳል። በዚህ ስሌት የሰውየው እውነተኛ ክብደት ከ54 ኪሎ አይበልጥም።

ውኃው ከየት መጣ? ከአንጀት የሚነሳ ደም ወደ ልብ ከመመለሱ በፊት በአንድ ትልቅ ደም ሥር ወደ ጉበት ገብቶ ያልፋል። ሄፓታይተስ ቢ፣ አልኮል ወይም ሌላ ምክንያት ጉበትን ለዓመታት ሲያቆስለው ቁስሉ በጠባሳ ይተካል፤ ለስላሳው ጉበት ይጠነክራል። ቦይ በደለል ሲደፈን ውኃው ወደ ኋላ ተመልሶ ማሳውን እንደሚያጥለቀልቀው ሁሉ፣ መተላለፊያ ያጣው ደምም ግፊቱ ወደ ኋላ ይመለሳል። ጣፊያ ያብጣል፣ በጉሮሮ ቧንቧ ውስጥ ያሉ ደም ሥሮች ይወጠራሉ። ጉበት የሚያመርተውና ፈሳሽን በደም ሥር ውስጥ የሚይዘው አልቡሚን የተባለ ፕሮቲንም ያንሳል። ኩላሊት በበኩሉ ጨውና ውኃ አልለቅም ይላል። ፈሳሹ ወደ ሆድ የሚሄደው በዚህ ሁሉ ድምር ነው።

የላቦራቶሪው ውጤት ይህንኑ አረጋገጠ። አልቡሚን 2.4 ነው፤ ጤነኛ ሰው ከ3.5 በላይ አለው። የሄፓታይተስ ቢ ምርመራው ፖዘቲቭ ሆነ። ከሆዱ በመርፌ የተቀዳው ፈሳሽም ለምርመራ ተላከ። በአንድ ሚሊ ሜትር ኩብ 250 ወይም ከዚያ በላይ ኒውትሮፊል የተባሉ ነጭ የደም ሴሎች ቢገኙበት ፈሳሹ ተመርዟል ማለት ነበርና አንቲባዮቲክ ሳይዘገይ ይጀመር ነበር። የእሱ 80 ነበር። ሐኪሞች የበሽታውን ደረጃ በአምስት መለኪያ ደምረው ከ15 ነጥብ 12 ሰጡት፤ ይህም ከሦስቱ ደረጃዎች የመጨረሻው፣ የከፋው ነው።

አንድ ነገር ግን በላቦራቶሪ አልተገኘም። ሚስቱ ቀን እንደሚያንቀላፋ፣ ሌሊት እንደሚነቃ ተናገረች። ተማሪዋ «አባቴ፣ ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው?» ብላ ጠየቀችው። ብዙ አስቦ «ገብርኤል» አለ። ቀኑ ሚካኤል ነበር። በየወሩ 12 ሚካኤል፣ 19 ገብርኤል መሆኑን ከልጅነቱ የሚያውቅ ሰው በአንድ ሳምንት መሳሳቱ ቀላል ነገር አይደለም። እጆቹን ወደ ፊት ዘርግቶ መዳፉን ወደ ላይ እንዲያጥፍ ስታደርገው እጆቹ እንደ ክንፍ ይርገበገባሉ። ጉበት ማጣራት ያቃተው አሞኒያና ሌላም መርዝ አንጎሉን መንካት ጀምሯል። ታማሚው በሚያውቀው የቀን አቆጣጠር የተጠየቀ ጥያቄ ይህን ያህል ያሳያል፤ የፈረንጅ ቀን ብትጠይቀው ኖሮ ስህተቱ ምንም ባልነገራት ነበር።

ሁለተኛው ክፍል ችግሩን መለየት ነው። ብዙ ተማሪ እዚህ ላይ «ሲሮሲስ» ብሎ ይጽፋል። እሱ የሐኪሙ ምርመራ ውጤት ነው። የነርስ ልየታ ግን በሽታው በዚህ ሰው ላይ ያመጣውንና ነርስ በእንክብካቤ ልትለውጠው የምትችለውን ችግር ከነምክንያቱና ከነማስረጃው ይጽፋል። የተማሪዋ የመጀመሪያ ልየታ እንዲህ ይነበባል፦ በጉበት ደም ሥር ግፊትና በአልቡሚን ማነስ ምክንያት የመጣ የፈሳሽ መብዛት፤ ማስረጃው የ102 ሴንቲ ሜትር ሆድና የእግር እብጠት። ግቧ ክብደቱን በቀን ከግማሽ እስከ አንድ ኪሎ መቀነስ ነው። ሁለተኛው ልየታ ደግሞ የምግብ እጥረት ነው፤ ማስረጃው የክንዱ መቅጠን፣ ግቡም ክንዱ ከ20.5 እንዳይወርድ ማድረግ ነው። የንቃት መዛባትና የመድማት ስጋትም ተጽፈዋል። እዚህ ላይ አደንቃታለሁ፤ ለፈሳሹ ሚዛንን፣ ለሥጋው ሜትርን መድባ ሁለቱ እንዳይቀላቀሉ አድርጋለችና።

እንክብካቤው ተጀመረ። ሐኪሙ ፈሳሽ የሚያስወጡ ሁለት መድኃኒቶች አዘዘ፤ ስፓይሮኖላክቶን 100 ሚሊ ግራም እና ፉሮሴማይድ 40 ሚሊ ግራም። ለአንጎሉ ላክቱሎስ የተባለ ሽሮፕ ተሰጠው፤ ይህም በሰገራ መርዙን ያስወጣል። ልኩ የሚታወቀው ታማሚው በቀን ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ለስላሳ ሰገራ ሲወጣ ነው። ተማሪዋ በየጠዋቱ ሽንት ከሸና በኋላ፣ ቁርስ ሳይበላ፣ በዚያው ሚዛን መዘነችው። የሆዱን ዙሪያ የምትለካበትን ቦታ በእስክሪብቶ ምልክት አደረገችበት፤ ሜትሩ በሁለት ጣት ከፍ ወይም ዝቅ ካለ ቁጥሩ ይዋሻልና።

ጨው በቀን ከአንድ የሻይ ማንኪያ እንዳይበልጥ ተባለ፤ ይህ አምስት ግራም ገደማ ነው። ሚስቱ ወጥ ላይ ጨው እንደማትጨምር ማለች። ተማሪዋ ግን ከቤት የመጣውን ምግብ ቀመሰች። በርበሬውና ሽሮው ሲዘጋጁ ጨው ገብቶባቸዋል። ስለዚህ ለእሱ ብቻ የሚሆን ጨው ያልነካው ሽሮ እንዲዘጋጅ ተስማሙ።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ሚዛኑ ከ65.6 ወደ 63.5 ወረደ። በአንድ ቀን 2.1 ኪሎ! ቤተሰቡ ደስ አለው። ተማሪዋ ግን ሌሊቱን ስድስት ጊዜ እንዳስቀመጠው ጠይቃ አወቀች። ምላሱ ደርቋል፣ ሽንቱ አንሷል፣ እንቅልፉም ተመልሷል። ሐኪም ጠራች። የኩላሊት ምርመራው ክሬቲኒን ከ0.9 ወደ 1.4 መውጣቱን አሳየ። ሆድ ውስጥ ያለው ውኃ ወደ ደም ሥር የሚመለሰው በዝግታ ነው፤ ከዚያ ፍጥነት በላይ ሲወጣ የሚጎድለው ደሙ ስለሆነ ኩላሊት ይጎዳል፣ አንጎልም ይደናገራል። ፈሳሽ የሚያስወጡት መድኃኒቶች ቆሙ፣ የላክቱሎሱ መጠን ተቀነሰ፣ አልቡሚን በደም ሥር ተሰጠው። በሁለት ቀን ውስጥ ክሬቲኒኑ ወደ 1.0 ሲመለስ መድኃኒቶቹ በግማሽ መጠን እንደገና ተጀመሩ። ሌላ የከፋ መንገድም አለ፦ ተቅማጡን የፈሩ ቤተሰቦች ላክቱሎሱን በራሳቸው ያቆሙታል፤ ታማሚውም ራሱን ስቶ ይመለሳል።

ምግቡ የራሱ ጣጣ አለው። ጠባሳ የያዘው ጉበት ስኳር ስለማያከማች አንድ ሌሊት ያለ ምግብ ማደር ለእንዲህ ያለ ሰው ጤነኛ ሰው ሁለት ሦስት ቀን እንደመራብ ነው። ሰውነቱ የራሱን ጡንቻ ይበላል። ስለዚህ ከመተኛቱ በፊት መክሰስ ያስፈልገዋል፤ ቀን ደግሞ ጥቂት ጥቂት፣ ደጋግሞ። ፕሮቲን መከልከል የድሮ ምክር ነው፤ ዛሬ በእውነተኛው ክብደት በኪሎ ከ1.2 እስከ 1.5 ግራም ይመከራል፣ ለእሱ ከ65 እስከ 80 ግራም ገደማ። ሰውየው ጾመኛ ነው፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አይቀምስም። ተማሪዋ ጹም አትጹም ብላ አልተከራከረችም። የነፍስ አባቱ እንዲጠየቁ ለሚስቱ ነገረቻት፤ እሳቸውም ለሕመምተኛ ይፈቀዳል ብለው የሚውልበትን ሰዓት አነሱለት። የምግቡን ዓይነት ግን እሱ ሊለውጥ አልወደደም፤ ሊለውጥም አያስፈልገውም ነበር፤ ምስር፣ አተርና ሽሮ ለተደናገረ አንጎል እንኳ የሚስማሙ ፕሮቲኖች ናቸው።

በስምንተኛው ቀን ሪፖርቱ ተዘጋ። ክብደቱ 63፣ ሆዱ 97 ሴንቲ ሜትር ነው። ቀኑን ሲጠየቅ በትክክል ይናገራል፣ እጁም አይርገበገብም። ተማሪዋ ለንቃቱ «ግቡ ተሳክቷል»፣ ለፈሳሹ «በከፊል ተሳክቷል» ብላ ጻፈች። ከአራቱ ኪሎ የተወሰነው የወጣው በማይገባው ፍጥነት በተቅማጥ ስለነበር ሙሉ ስኬት አላለችውም። ክንዱ 20.5 ላይ ነው። አልቀጠነም፤ ግን ስምንት ቀን ሥጋ መመለሱን ለመፍረድ አይበቃም፤ ስለዚህ ልኬቱ በቀጠሮ እንዲደገም ጻፈች።

ወደ ቤት ሲሸኝ ከተነገረው ሁሉ ተማሪዋ ሚስቱ መልሳ እንድትነግራት ያደረገችው ሦስቱን ነው። ለወገብ ሕመም ዳይክሎፌናክም ሆነ አይቡፕሮፌን እንዳይወስድ፤ ኩላሊቱን ይጎዱታል፣ ያደሙታል። ሰገራው እንደ ቅጥራን ከጠቆረ ወይም ደም ካስመለሰ በዚያው ሰዓት እንዲመጣ። ለሄፓታይተስ ቢ የተጀመረለትን ቴኖፎቪር ደህና ነኝ ብሎ እንዳያቆም፤ ሲቋረጥ ቫይረሱ ተነስቶ የቀረውን ጉበት ሊጨርሰው ይችላል። እሷም ልጆቿም ደማቸውን እንዲመረመሩ ቀጠሮ ተያዘ። የሄፓታይተስ ቢ ክትባት በኢትዮጵያ በመደበኛው የሕፃናት ክትባት ውስጥ የገባው በ2007 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት የተወለዱት ሁለቱ ታላላቅ ልጆች አልተከተቡም።