ቡሌ ሆራ፦ የመፈልፈያ ቤቱ የመብራት ቢል ለምን ያብጣል?

ዛሬ ከቡና ዋጋ ወረድ ብለን ወጪ እናውራ። ጀንፈል የሚፈለፍል ቤት የሚከፍለው ለፈጀው ኪሎዋት ሰዓት ብቻ አይደለም፤ ዲማንድና ፓወር ፋክተርም ቢሉ ላይ ይመጣሉ።

ዲማንድ ማለት በወሩ ውስጥ የተመዘገበው ከፍተኛ ጭነት ነው። ቆጣሪው ብዙውን ጊዜ የ15 ደቂቃ አማካይ ይይዛል። 45 ኪሎዋት መፈልፈያና 30 ኪሎዋት ማበጠሪያ አላችሁ እንበል። አንድ ቀን ሁለቱም ሙሉ ጭነት ላይ ለ15 ደቂቃ አብረው ከሠሩ የወሩ ዲማንድ 75 ነው። ወሩን ሙሉ በየተራ ከሠሩ ግን 45 ላይ ይቆማል። ሞተር ሲነሳ የሚስበው ለሰከንዶች ስለሆነ አማካዩን ብዙም አይነካም፤ የሚያስከፍለው አብሮ መቆየቱ ነው።

ፓወር ፋክተር ሌላ ጉዳይ ነው። ባዶውን የሚዞር ወይም ለሥራው የገዘፈ ሞተር ያወርደዋል። መፈልፈያው 0.7 ላይ ከሆነ ለ45 ኪሎዋት ሥራ 64 ኬቪኤ ይስባል። 30 ኬቫር ካፓሲተር ሲገባ ወደ 0.94 ይወጣል፣ የሚስበውም 48 ኬቪኤ አካባቢ ይሆናል። ካፓሲተሩ ከሞተሩ ጋር የሚበራና የሚጠፋ ይሁን፤ ሞተር ቆሞ እሱ ከቀረ ቮልቴጅ ይጨምራል።

ልብ በሉ፦ ዲማንዱ በኪሎዋት ከተሰላ ካፓሲተር አይቀንሰውም፤ የሚያስቀረው የፓወር ፋክተር ቅጣቱን ነው። ስለዚህ ካፓሲተር ከመግዛታችሁ በፊት ቢላችሁ ላይ የትኛው መስመር እንደከበደ እዩ። ተራ ማስያዝ ግን ሳንቲም አያስወጣም።