የልጅን ፎቶ ከቅንብር ለመጠበቅ ለትምህርት ቤት የሚጻፍ ደብዳቤ



የዛሬውን ገለጻ አንዲት እናት ካሳዩኝ ደብዳቤ ልጀምር። ልጃቸው የአራተኛ ክፍል ተማሪ ናት። በምዝገባ ሰሞን በትምህርት ቤቱ በር ላይ በተሰቀለ ባነር የልጃቸውን ፊት ያያሉ፤ ልጅቱ ነጭ ጋወን ለብሳ፣ ማይክሮስኮፕ ፊት ቆማ ትስቃለች። ትምህርት ቤቱ ቤተ ሙከራ የለውም፤ ልጅቱም ጋወን ለብሳ አታውቅም። ፊቷ የተወሰደው በወላጆች ቀን ከተነሣ ፎቶ ሲሆን፣ የቀረው በኮምፒውተር የተፈጠረ ነው።

እናትየዋ «የልጄን ፎቶ ያለፈቃዴ እንዳትጠቀሙ» ብለው ጻፉ። መልሱ ቶሎ መጣ፤ በምዝገባ ቅጹ ላይ «ትምህርት ቤቱ የተማሪዎችን ፎቶ ለማስተዋወቂያ ሊጠቀም ይችላል» ከሚለው ዓረፍተ ነገር ሥር ፈርመዋልና ፈቃድ አለን የሚል ነበር። በእኔ አስተያየት ደብዳቤው የተሸነፈው «ፎቶ» በምትለው ቃል ላይ ነው። በወላጆች ቀን የተነሣው ፎቶ ልጅቱ በዚያ ቀን በዚያ ሥፍራ መኖሯን ያሳያል። ባነሩ ግን ያልሆነን ነገር እንደሆነ አድርጎ፣ በልጅቱ ፊት ለሌሎች ወላጆች ይሸጣል። ለመጀመሪያው የተሰጠ ፊርማ ለሁለተኛው አይበቃም።

ሕጉ ምን ይላል? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 27 የአንድ ሰው ፎቶ ወይም ምስል ያለፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛ፣ እንዳይሸጥ ይከለክላል። ቀጣዩ አንቀጽ 28 ግን ለትምህርትና ለባህል ጥቅም፣ እንዲሁም በአደባባይ ለተደረጉ ሥነ ሥርዓቶች ልዩ ሁኔታ ያስቀምጣል። ትምህርት ቤቶች የሚጠለሉት በዚህ ነው፤ ለወላጆች ቀን ፎቶ መጠለያው ሊሠራ ይችላል። ነገር ግን ልዩ ሁኔታው ከተፈጸመ ሁነት ጋር የተያያዘ በመሆኑ፣ ፈጽሞ ያልተደረገን የቤተ ሙከራ ትምህርት ይሸፍናል ብዬ አላነብበውም። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 በበኩሉ ፈቃድ ለተለየ ዓላማ የሚሰጥና በኋላም ሊነሣ የሚችል መሆኑን ይደነግጋል። ስለዚህ በመስከረም የተፈረመ ቅጽ ለዘለዓለም አያስርም።

ከእናትየዋ ጋር ሆነን ሁለተኛውን ደብዳቤ እንዲህ አዘጋጀነው፦

«ጉዳዩ፦ የልጄን ምስል ለቅንብርና በኮምፒውተር ለሚፈጠሩ ሥራዎች መጠቀምን ስለመከልከል

ልጄ በክፍል የጋራ ፎቶ ላይ እንድትኖርና ፎቶው ለወላጆች እንዲሰጥ ፈቅጃለሁ። ከዚህ በቀር ፊቷ ተቆርጦ ከሌላ አካል ወይም ሥፍራ ጋር እንዳይዋሐድ፣ ፎቶዋ ለሰው ሠራሽ አስተውሎት መሣሪያ እንደ መነሻ እንዳይሰጥ፣ ድምፅዋም እንዳይመሰል እጠይቃለሁ። ስሟ ባይጠቀስ ወይም መልኳ በጥቂቱ ቢለወጥም ክልከላው ይጸናል። በምዝገባ ቅጹ የሰጠሁትን ፈቃድ በዚህ ረገድ አንሥቻለሁ። ባነሩ እንዲወርድ፣ የቅንብሩ ፋይል እንዲጠፋና ፎቶው ለማን እንደተላከ በጽሑፍ እንዲገለጽልኝ በአክብሮት አመለክታለሁ።»

የተፈቀደውን በግልጽ መጻፍ ጥቅም አለው። ሁሉን የሚከለክል ደብዳቤ ልጅቱን ከክፍል ጓደኞቿ ፎቶ ያስወጣታል፤ መምህሯም በየጊዜው «አንቺ ውጪ» ለማለት ይገደዳሉ። «መልኳ በጥቂቱ ቢለወጥም» የሚለው ሐረግም አስፈላጊ ነው፤ አቀናባሪዎች ብዙ ጊዜ የሚመልሱት «ይህ እርሷ አይደለችም፣ የምትመስል ናት» ብለው ነውና። ለዚህ ሲባል ደብዳቤው ከመላኩ በፊት ዋናው ፎቶና የባነሩ ምስል ጎን ለጎን ሊቀመጡ ይገባል። የፈገግታው ቅርጽ፣ የጸጉሩ አሠራር፣ በፊት ላይ ያረፈው ብርሃን አቅጣጫ ከአካባቢው ጥላ ጋር አለመጣጣሙ መነሻውን ያጋልጣሉ።

ደብዳቤ የማይደርስበት ወሰንም አለ። ባነር ይወርዳል፤ አንድ ጊዜ በይነመረብ ላይ የወጣ ፎቶ ግን ሌላ መንገድ ይይዛል። በ2024 እ.ኤ.አ. ሂዩማን ራይትስ ዎች ላዮን-5ቢ በተባለው ግዙፍ የምስል ማሠልጠኛ ስብስብ ውስጥ የብራዚልና የአውስትራሊያ ሕፃናት ፎቶዎች ማስፈንጠሪያ እንዳለ አሳውቋል፤ ከአውስትራሊያዎቹ አንዳንዶቹን የለጠፉት ትምህርት ቤቶች ነበሩ። ማስፈንጠሪያው ከስብስቡ ቢወጣም ቀድሞ የሠለጠነ ሥርዓት የተማረውን አይረሳም። ስለዚህ ደብዳቤው ፎቶው በቴሌግራም ቻናል ከመለጠፉ በፊት፣ በዓመቱ መጀመሪያ ቢደርስ ይመረጣል።

ትምህርት ቤቱ ለሁለተኛው ደብዳቤ በሳምንቱ መለሰ፤ ባነሩም ወረደ። «ለማን ተላከ» ለሚለው ጥያቄ ግን ርዕሰ መምህሩ ራሳቸው መልስ አልነበራቸውም። ቅንብሩን የሠራው የማተሚያ ቤቱ ዲዛይነር ነው፤ የወላጆች ቀን ፎቶዎች በሙሉ፣ የሁሉም ልጆች፣ በፍላሽ ተሰጥተውታል። እናትየዋ ያንኑ ደብዳቤ ግልባጭ አድርገው ለማተሚያ ቤቱም ወሰዱ።