ከቦይ የወጣ ደለል ወዴት ይሄዳል?

አንድ የሰፈር ወጣቶች ማኅበር በካዝናው ቤሳ ሳይኖረው ሊፈጽማቸው የሚችላቸው ሠናይ ተግባራት ብዙ ናቸው። የጧሪ አልባ አረጋውያንን ቤት በጭቃና በጭድ መምረግ፣ በክረምት ለታናናሾች ትምህርት ማጠናከር፣ የተገነጣጠሉ መጻሕፍትን ሰብስቦ መጠገን፣ ዕድሜያቸው ከ18 ዓመት ያለፈ ጤነኛ አባላትን ይዞ ወደ ደም ባንክ መሄድ፣ እነዚህን ሁሉ አንባቢ ስለሚያውቃቸው በየተራ አላብራራቸውም። እኔ በዚህ ጽሑፍ ላስተዋውቅ የፈለግሁት ከሁሉም ይልቅ የተናቀውን፣ ሲሠሩት የሚያቆሽሸውንና በአብዛኛው ግማሽ መንገድ ላይ የሚቀረውን ሥራ፣ ማለት ክረምት ሳይገባ የሰፈርን የጎርፍ መውረጃ ቦይ መጥረግን ነው።

አዲስ አበባ በእንጦጦ ተራራ ግርጌ፣ ከሰሜን ወደ ደቡብ በሚወርድ ተዳፋት ላይ የተቆረቆረች ከተማ ስለ ሆነች፣ በላይኛው ሰፈር የዘነበው ዝናብ በታችኛው ሰፈር ደጃፍ ማለፉ፣ ከዚያም በቀበና፣ በግንፍሌና በመሰሎቻቸው ወንዞች አድርጎ ወደ አቃቂ መውረዱ የተፈጥሮ ሥርዓት ነው። ጣሪያው ሁሉ ቆርቆሮ፣ መንገዱም ኮብልስቶን ወይም አስፋልት በሆነበት ሰፈር ደግሞ ወደ መሬት የሚሰርገው ውሃ እጅግ ጥቂት ነው። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲወርድ አንድ ሊትር ውሃ ይሆናል፤ ስለዚህ ጣሪያውና መንገዱ ተደምሮ 3,000 ካሬ ሜትር በሚሆን አንድ መንደር ላይ በግማሽ ሰዓት 20 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ፣ ወደ 60,000 ሊትር የሚጠጋ ውሃ በዚያች ግማሽ ሰዓት ውስጥ መውጫ ይፈልጋል።

የመውጫው ቦይ ስፋቱ 40፣ ጥልቀቱ 50 ሳንቲ ሜትር ነው እንበል። ከሥሩ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ደለል ቢተኛበት፣ የሚቀረው ክፍት ቦታ 20 ሳንቲ ሜትር ብቻ ይሆናል። ተመልካች ይህን አይቶ «ገና ሁለት አምስተኛው ክፍት ነው» ሊል ይችላል፤ ነገር ግን የውሃው መንገድ ሲጠብ ከወለሉና ከግድግዳው ጋር ያለው ፍትጊያ ስለሚበረታበት ፍጥነቱም አብሮ ይቀንሳል፣ በዚህም ምክንያት ቦዩ ሊያሳልፍ የሚችለው ውሃ ቀድሞ ያሳልፍ ከነበረው ሢሶ ያህሉ ብቻ ይሆናል። የተረፈው ሁሉ ወደ መንገድ ይወጣና ዝቅ ያለውን በር ይፈልጋል።

እንግዲህ ማኅበሩ ቦዩን ለመጥረግ በተነሣ ጊዜ ከሁሉ አስቀድሞ ሊያስበው የሚገባው ስለ አካፋ አይደለም። አካፋና ዶማ በብዙ እድሮች ዕቃ ቤት ይገኛል፣ ከጎረቤትም በውሰት ይገኛል። ዐቢዩ ጥያቄ ከቦዩ የሚወጣው ደለል ወዴት ይሄዳል የሚለው ነው። ብዙ ማኅበራት የሚሳሳቱት በዚህ ላይ ሲሆን፣ ስሕተቱም ከቦዩ የወጣ ሁሉ ተወገደ ብሎ ከማመን የሚመነጭ ነው።

ይህን በአዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ቁልቁለታማ ሰፈር በዓይኔ አይቼዋለሁ። ወጣቶቹ ከማለዳ እስከ ቀትር በሚያስመሰግን ትጋት ሲቆፍሩ ዋሉ፤ ያወጡትንም ጥቁር ጭቃ በቦዩ ግራና ቀኝ እንደ ግንብ ደርድረው፣ ፎቶግራፍ ተነሥተው፣ ተመራርቀው ተለያዩ። ይህን የተመለከቱ አንድ አዛውንት የእድር ዳኛ፣ «ልጆቼ፣ ጭቃውን አነሣችሁት እንጂ መቼ ሸኛችሁት?» ብለው ነበር። ሳምንት ሳይሞላ የወረደው ዝናብ ያን ክምር አርሶ ወደ መጣበት መለሰው። ይባስ ብሎ ተረጋግቶ የነበረው ደለል በአካፋ ከላላ በኋላ ለመታጠብ ቀላል ስለ ሆነ፣ ከቀድሞ ቦታው አልፎ ታች ያለውን የተሸፈነ ቱቦ ደፈነው። የወጣቶቹ ድካም በከንቱ መቅረቱ ብቻ ሳይሆን፣ የላይኛው ሰፈር ችግር ወደ ታችኛው ሰፈር መተላለፉ ያሳዝናል። ደለሉን ወደ ወንዝ የሚደፉትም ያው ናቸው፤ ወንዙ በሌላ ሰው ደጃፍ ያልፋልና።

ስለዚህ አስቀድሞ ልክን ማወቅ ያሻል። ከላይ የጠቀስነው ቦይ ርዝመቱ 100 ሜትር ቢሆን፣ በውስጡ የተኛው ደለል 12 ሜትር ኩብ፣ በክብደት ሲሰላ ወደ 19 ቶን ይጠጋል። ይህ በአንድ ቅዳሜ በበጎ ፈቃድ ክንድ የሚነሣ አይደለም፤ አለልክ የጀመረ ማኅበርም ክምሩን ጥሎ ከመበተን በቀር ምርጫ የለውም። ብልህ ማኅበር ግን ከቦዩ 30 ሜትሩን ብቻ ይመርጣል። የዚህ ደለል 3.6 ሜትር ኩብ፣ ወደ 6 ቶን ገደማ ነው፤ ይህም የአንድ አይሱዙ መኪና ሁለት ምልልስ ነው። መኪናው ከወረዳው የጽዳት ክፍል ወይም ከሰፈሩ ባለ መኪና ቃል ሊገባ፣ ማራገፊያውም ቦታ በወረዳው ሊፈቀድ የሚገባው መሬት ከመቆፈሩ በፊት ነው። የመኪናው ቀን ካልተቆረጠ የቁፋሮው ቀን አይቆረጥ። ለቤት ቆሻሻ የተቀመጠው የሰፈር ገንዳም እርጥብ ደለል አይሸከምም፤ አቅሙ ለሌላ ጭነት የታሰበ ነውና አደራ፣ አትሙሉበት።

ከዚህ ቀጥሎ የምወደውን ዕቃ ልጥቀስ፤ እርሱም በየእህል መደብሩና በየእንጀራ ጋጋሪው ቤት ተጥሎ የሚገኘው፣ ከላስቲክ ክር የተሸመነ የጤፍ ጆንያ ነው። ለዚህ ሥራ ከእርሱ የሚሻል በገንዘብ አይገዛም። የሽመናው ቀዳዳ ውሃውን ያሳልፋል፣ ጭቃውን ግን ይይዛል፤ ስለዚህ እርጥብ ደለል የተሞላ ጆንያ ሌሊቱን ቆሞ ሲያድር ራሱን በራሱ አጥልሎ፣ በማግሥቱ ቀለል ብሎ ይገኛል፣ ዝናብ ድንገት ቢመጣም ጭቃው አይታጠብም። ውፍረት ያለው ላስቲክ ከረጢት ግን ውሃውን አቅፎ ያድርና ሲያነሡት ይቀደዳል። የኩንታሉ ጆንያ ከሩቡ በላይ መሞላት የለበትም፤ 30 ሊትር ያህል እርጥብ ደለል 50 ኪሎ ግራም ይመዝናል፣ ይህም ለሁለት ሰዎች ሸክም ይበቃል። እስከ አፉ የሚሞሉት ሰዎች ኃይላቸውን ያሳዩ ይመስላቸዋል፤ ነገር ግን ወገባቸውን ይጎዳሉ፣ ጆንያውንም ከሥሩ ይተረትራሉ። አፉ በሲባጎ ታስሮ፣ ከቦዩ አንድ ርምጃ ራቅ ብሎ፣ መንገደኛና መኪና በማያግድበት ወገን ይቁም።

በዚህ ስሌት 30 ሜትሩ 120 ጆንያ ይወጣዋል። 20 ወጣቶች በአራት በአራት ሆነው በአምስት ቡድን ቢከፈሉ፣ ለአንዱ ቡድን 6 ሜትር ቦይና 24 ጆንያ ይደርሰዋል፤ አንዱ ይዝቃል፣ አንዱ አፍ ይከፍታል፣ ሁለቱ ይሸከማሉ፣ በየጊዜውም ይለዋወጣሉ። ለአንድ ጆንያ 10 ደቂቃ ቢፈጅ ሥራው 4 ሰዓት ነው። ሁሉም ግን በአንድ ጊዜ አይጀምሩ። የመጀመሪያው አካፋ በታችኛው ጫፍ፣ በመውጫው በኩል ይግባ፤ ከላይ ከተጀመረ የተፈታው ውሃና ጭቃ ገና ወዳልተጠረገው ወርዶ ይጨመርበታልና። ከታች ያለው ቡድን ጀምሮ ሩብ ሰዓት ሲቆይ ቀጣዩ ይግባ፣ እንዲህ እያለ ወደ ላይ ይውጣ። ከጠዋቱ 1 ሰዓት የጀመሩ ሥራውን በቀትር ይጨርሳሉ።

ቀኑ በግንቦት ወር፣ ደለሉ ጠንከር ብሎ ሳለ፣ የሰኔ ዝናብ ሳይቀድም ቢሆን ይመረጣል። ነገር ግን ግንቦት ልደታን፣ የሚካኤልንና የማርያምን በዓላት የያዘ ወር ነው፣ ዓርብ ቀትርም የሙስሊም ጎረቤቶቻችን የጸሎት ሰዓት ነው፤ ስለዚህ ቀን መቁጠሪያ ሳይገለጥ፣ የሰፈሩም ሽማግሌዎች ሳይጠየቁ ቀኑ አይቆረጥ።

ሥራው ወሰንም አለው። በአንዳንድ ሰፈር የመጸዳጃ ቤት ፍሳሽ ወደ ጎርፍ ቦይ ይለቀቃል፣ ጭቃውም ውስጥ ስባሪ ጠርሙስና መርፌ ይኖራል። ወፍራም ጓንትና ቦት ጫማ የሌለው ባዶ ጆንያ ያቀብል እንጂ ወደ ቦዩ አይውረድ፤ በእጁ ላይ ቁስል ያለበትና ገና ሕፃን የሆነም እንዲሁ። ጓንትና ቦት ጫማ በውሰት ካልተገኘ ማኅበሩ ጥቂት ገንዘብ የሚያዋጣው ለዚህ ብቻ ነው። ወደ ተሸፈነ ቱቦ ውስጥ ማንም ተንበርክኮ አይግባ። በተዘጋ ቦታ የበሰበሰ ደለል ሲነቃነቅ የሚወጣው ጋዝ ሰውን በቅጽበት ያዝለፈልፋል፣ ሊያድን የገባውም አብሮ ይወድቃል። ያ የሥልጡን ሠራተኛና የመሣሪያ ሥራ ስለ ሆነ ለወረዳው ይነገር። ደለሉም ከዘይትና ከፍሳሽ ጋር የተደባለቀ ነውና ጥቁር ሆኖ ቢያምርም ለጎመን መደብ አይሆንም።

ሥራው ማለቁ የሚታወቀው በዓይን ግምት አይደለም። ሁለት ባልዲ ውሃ ከላይኛው ጫፍ ይፈሰስና አንድ ቅጠል ይጣልበት፤ ቅጠሉ ሳይቆም እስከ መውጫው ከደረሰ ወለሉ ደኅና ነው። የቆመበት ቦታ ካለ፣ እዚያ የቀረ ደለል ወይም የሰመጠ ድንጋይ አለና ተመልሶ ይጠረግ። ከመጀመሪያው ብርቱ ዝናብ በኋላ ሁለት ሰው ይዞር፣ በሐምሌና በነሐሴም በየሁለት ሳምንቱ የቦዩ ጥልቀት ምልክት በተደረገበት እንጨት ይለካ፤ 10 ሳንቲ ሜትር ደለል ሲገኝ ለአራት ሰው የአንድ ቀን ሥራ እንጂ እንደገና የ20 ሰው ዘመቻ አያሻውም። የደለሉ መምጫ ብዙ ጊዜ በላይ በኩል የተከመረ የግንባታ አሸዋ ነው፤ ባለቤቱ በአክብሮት ተጠይቆ ሸራ ቢያለብሰውና ዙሪያውን በድንጋይ ቢከበው ብዙ ድካም ይቀንሳል።

የማኅበሩ አባላት ሆይ፣ የደከማችሁበት ቦይ ገጹ ቢጠራም፣ የመጨረሻው ጆንያ መኪና ላይ ሳይወጣ ሥራው አለቀ ብላችሁ እንዳትበተኑ።