የዳቦ ቤት ጋዝ ሲያፈተልክ

ዳቦ ቤቶች ለምድጃቸው የሚጠቀሙበት የሲሊንደር ጋዝ ፕሮፔንና ቡቴን ነው፤ በተፈጥሮው አይሸትም። የበሰበሰ ጎመን የሚመስለው ክርፋት የሚመጣው ማፈትለኩ እንዲታወቅ ተብሎ ከሚጨመርበት ኤቲል መርካፕታን ነው። መጠኑም የጋዙ ክምችት ለመቀጣጠል ከሚበቃው አምስተኛ ያህል እንደደረሰ እንዲሸት ተደርጎ ይቀመራል። ዳቦ ቤት ውስጥ ግን የእርሾና የዳቦ ሽታ ይጋርደዋል፤ እዚያው የቆየ ሠራተኛ አፍንጫም ይለምደዋል። ከውጭ የገባ ሰው ቀድሞ የሚያሸተው ለዚህ ነው።

ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ወለል ለወለል ይሄዳል፤ ከጠረጴዛ ሥር፣ ከዱቄት ጆንያ ኋላና በፍሳሽ ጉድጓድ ውስጥ ይተኛል። በ20 ካሬ ሜትር ወለል ላይ እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለውን አየር ተቀጣጣይ ለማድረግ 2 በመቶ፣ ማለትም 120 ሊትር ያህል ጋዝ ይበቃል። ይህን ያህል ጋዝ ከግማሽ ሊትር ፈሳሽ ይወጣል።

ሌሊት 10 ሰዓት ላይ በሩን የከፈተ ጋጋሪ ሽታው ደጃፍ ላይ ቢቀበለው፣ መብራት አያበራም፤ በርቶ ካገኘውም አያጠፋም። ማብሪያው ሲነካ የሚፈጠረው ብልጭታ ብቻውን ይበቃል። ሽታውን ያስወጣል ተብሎ የሚከፈተው ፋን ደግሞ ከሁሉም የከፋ ነው፤ ሞተሩ ራሱ ብልጭታ አለው። ሽታው ቀለል ያለ ከሆነና የሚያፏጭ ድምፅ ከሌለ፣ የሲሊንደሩ ቫልቭ ወደ ቀኝ ዞሮ ይዘጋል፤ ከዚያም በሮች ወለል ብለው ይከፈታሉ። ጋዙ ታች ስላለ፣ ከላይ ካለ መስኮት ይልቅ እስከ መሬት የሚደርስ በር ይጠቅማል። ቆጣሪው ከውጭና ከሽታው የራቀ ከሆነ መብራቱ ከዚያ ይቋረጣል። ሽታው ከበረታ ወይም ቫልቩ አልዘጋ ካለ ግን ሁሉም ሰው ወጥቶ፣ አዲስ አበባ ከሆነ፣ ከሩቅ ወደ 939 ይደወላል። ሲሊንደሩን ማጋደም አይገባም፤ ከጋዝ ይልቅ ፈሳሹ ይወጣል።

ሽታው ሙሉ በሙሉ ከጠፋ በኋላ የምድጃው ማቃጠያዎች እንደተዘጉ ቫልቩ በትንሹ ይከፈትና መጋጠሚያዎቹ በሳሙና አረፋ ይቀባሉ። በክብሪት መፈተሽ ዛሬም አልቀረም፤ ፍለጋውን ወደ ቃጠሎ ሊለውጠው ይችላል። በዚህ ዳቦ ቤት አረፋው ቱቦው ላይ ዝም ብሎ ሬጉሌተሩ ሥር ቢያብጥ፣ ተጠርጣሪው የተሰነጠቀ ጎሚኒ ነው። ቫልቩ ተዘግቶ ጎሚኒው ይቀየራል፤ አረፋውም እንደገና ይቀባል።

መዝገቡ ላይ «ጋዝ ሸተተ» ብቻ ቢጻፍ ለሚቀጥለው ፈረቃ ምንም አይነግርም። ማን፣ በስንት ሰዓት፣ የት ቆሞ እንዳሸተተ፣ ቫልቩ ማታ ተዘግቶ እንደነበር፣ የትኞቹ በሮች እንደተከፈቱ፣ ሽታው መቼ እንደጠፋና አረፋው የት እንዳበጠ ይሰፍራል። ሲሊንደሩ የተቀየረበት ቀንም አይዘለልም። ከተቀየረ ማግስት የመጣ ሽታ ወደ መጋጠሚያው ይጠቁማል፤ መርካፕታን ከጋዙ ዘግይቶ ስለሚተን ደግሞ ሲሊንደሩ ሊያልቅ ሲል ያው ቀዳዳ ይበልጥ ይከረፋል።