«ክፍል 7» ብሎ የሚፈልግ ሰው የለም

ረጃጅም የትምህርት ቪዲዮ የሚያዘጋጅ ሰው በአደባባይ የማይናገረውን ልንገራችሁ። ሦስት ሰዓት የተቀዳ ትምህርት ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚያይ ሰው በጣት ይቆጠራል። አብዛኛው የሚመጣው አንድ ጥያቄ ይዞ ነው፤ መልሱን አግኝቶ ይሄዳል፣ ካጣውም በሁለተኛው ደቂቃ ይዘጋዋል። የእኔ ሥራ ያ ጥያቄ የሚመለስበትን ደቂቃ በስሙ መጥራት ነው። ዩቲዩብ ከ2020 ጀምሮ «ቻፕተር» ብሎ የሰጠን ነገር ለዚህ ይጠቅማል። ከቪዲዮው ሥር በምንጽፈው ማብራሪያ ላይ ሰዓትና ርዕስ ስንደረድር የቪዲዮው መስመር በምዕራፍ ይከፋፈላል፤ ፍለጋ ውስጥም ምዕራፉ ለብቻው ብቅ ሊል ይችላል።

እኔ የምሠራው በአብዛኛው የድጓ ትምህርት ላይ ነው። ድጓ ሲባል ደግሞ ዞሮ ዞሮ የሚደርሰው ጋይንትና እስቴ ነው። ቤተልሔም የድጓ ማስመስከሪያ፣ ዙር አባ የዝማሬና መዋሥዕት፤ የቆማ ዜማም ስሙን ያገኘው በእስቴ በኩል ካለው ቆማ ነው። ከጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ ጉባኤ ወጥተው አዲስ አበባ ወይም ውጭ አገር የሚያስተምሩ መምህራን አሁን አሁን ትምህርታቸውን ያስቀዳሉ። ቀረጻው ይመጣል፣ ይጫናል፣ ከዚያ አንዱ «የድጓ ትምህርት ክፍል 7» የሚል ርዕስ ይለጥፍበታል። ያን ጊዜ ነው ትምህርቱ የሚቀበረው። በዓለም ላይ «ክፍል 7» ብሎ የሚፈልግ ሰው የለምና።

አንድ ቪዲዮ ይዘን እንሂድ። የቡሄ ዋዜማ፣ በቤተልሔም ዜማ፣ ከሁለት ሰዓት ተኩል በላይ። መጀመሪያ የተሰጠኝ ምዕራፍ «መግቢያ»፣ «ትምህርት አንድ»፣ «ትምህርት ሁለት»፣ «ማጠቃለያ» ይል ነበር። ለቀረጸው ሥርዓት ያለው ይመስላል፤ ለፈላጊው ግን ባዶ ነው። ነሐሴ 12 ከሰዓት በኋላ ማታ ለሚቆመው ዋዜማ የሚጨነቅ ዲያቆን ምን ብሎ ይጽፋል? «የቡሄ ዋዜማ ምልጣን» ወይም «የቡሄ ይትባረክ» ይላል። በዓሉንና የዜማውን ክፍል ይጠራል እንጂ የእኛን የቀረጻ ተራ አያውቅም። ስለዚህ እንዲህ አደረግሁት፦

```
0:00 የቡሄ ዋዜማ ቅደም ተከተል
6:40 የቡሄ ዋዜማ ዜማ፣ መምህሩ ብቻቸውን
31:15 የቡሄ ዋዜማ ምልጣን
58:20 የቡሄ እግዚአብሔር ነግሠ
1:24:05 የቡሄ ይትባረክ
1:49:30 የቡሄ ዋዜማ ሰላም
2:17:50 የቡሄ ዋዜማ ሙሉው ያለ ማቋረጥ
```

«ቡሄ» የሚለው ቃል በየመስመሩ መደጋገሙ ዓይን ያሰለቻል፤ አውቀዋለሁ። ነገር ግን ምዕራፉ በፍለጋ ውስጥ ብቻውን ሲወጣ ከላይ ያለው መስመር አብሮት አይወጣም። «ምልጣን» ብቻ ብዬ ብተወው የየትኛው በዓል ምልጣን? የበዓሉ ስም ከፊት መቅደሙም ያለ ምክንያት አይደለም፤ ስልክ ላይ ረጅም ርዕስ ከኋላው ስለሚቆረጥ ነው።

«ደብረ ታቦር» ትቼ «ቡሄ» ማለቴን ቪዲዮው ላይ የሚያስተምሩት የኔታ መጀመሪያ አልወደዱትም። ልክ ናቸው፣ የበዓሉ ስም ደብረ ታቦር ነው። የእኛ አገር ችግር ግን ደብረ ታቦር ከተማም መሆኑ ነው። «ደብረ ታቦር» ብሎ የጻፈ ሰው ዩኒቨርሲቲውም፣ የከተማው ዜናም ተደርድሮ ይመጣለታል። በመጨረሻ የተስማማነው ሙሉው ስም በቪዲዮው ርዕስና በማብራሪያው የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር እንዲገባ፣ በምዕራፎቹ ላይ ግን ሕዝቡ የሚጽፈው «ቡሄ» እንዲሆን ነው። በፊደልም ላይ ያው ነው፤ «ሠለስት» ብለው የሚጽፉ ሊቃውንት አሉ፣ ወጣቱ ግን እጁ እንደቀናው «ሰለስት» ይላል። በምዕራፉ ርዕስ የወጣቱን፣ በማብራሪያው የሊቁን እጽፋለሁ። ፍለጋው ሁለቱን አንድ አድርጎ ይቆጥራቸዋል ብዬ አልወራረድም።

አሁን ብዙ ሰው የሚወድቅበት ቦታ ላይ ደረስን። ዩቲዩብ ምዕራፍ የሚከፍለው አራት ነገር ሲሟላ ነው፦ የመጀመሪያው ሰዓት 0:00 ይሁን፤ ቢያንስ ሦስት የሰዓት ምልክት ይኑር፤ ሰዓቶቹ ከትንሽ ወደ ትልቅ ይሂዱ፤ እያንዳንዱ ምዕራፍ ከ10 ሰከንድ አይነስ። ይህን የሚነግራችሁ ሞልቷል። የማይነግራችሁን ልጨምር፤ በአማርኛ ኪቦርድ የምንጽፈው ሁለት ነጥብ (፡) እና በእንግሊዝኛ ኪቦርድ የሚጻፈው (:) ለዓይን አንድ ናቸው፣ ለማሽኑ ግን አይደሉም። «6፡40» ብላችሁ በአማርኛው ሁለት ነጥብ ከጻፋችሁ ዩቲዩብ ሰዓት መሆኑን አያውቅም። «6.40»ም እንደዚያው። በግዕዝ ቁጥር የሚጽፍም አጋጥሞኛል፤ ያምራል፣ ግን አይሠራም።

ጥፋቱ የቱ ጋ እንደሆነ በዓይን ይለያል። ማብራሪያውን አስቀምጣችሁ ቪዲዮውን ስትከፍቱት ሰዓቶቹ ሰማያዊ ሆነው ሲነኩ የሚዘሉ ካልሆኑ ችግሩ የሰዓቱ አጻጻፍ ላይ ነው። ሰማያዊ ሆነው ግን የቪዲዮው መስመር ካልተከፋፈለ ከአራቱ ደንቦች አንዱ ተጥሷል፤ ብዙ ጊዜ 0:00 ተረስቷል፣ አለዚያ አንድ ሰዓት ከቦታው ተዛንፏል። ከሰዓት በላይ በሆኑ ቪዲዮዎች «1:24:05» መባል ሲገባው «24:05» ተብሎ የሚጻፍበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ያን ጊዜ ተራው ይበላሻል፣ መስመሩም ጭራሽ አይከፈልም። ሌላም የተደበቀ ጣጣ አለ። ከተጫነ በኋላ ከቪዲዮው መጀመሪያ የተወሰነ ደቂቃ በዩቲዩብ ስቱዲዮ ብትቆርጡ የጻፋችሁት ሰዓት አብሮ አይስተካከልም። ሁሉም ምዕራፍ በቆረጣችሁት ልክ ይንሸራተታል፣ ተማሪውም ምልጣን ብሎ ገብቶ መሃሉ ላይ ይወድቃል።

ሰዓቱን የት ላይ እንደምታደርጉት ደግሞ ጆሮ ይጠይቃል። በጉባኤ ቤት ወግ የኔታ ይመራሉ፣ ተማሪው ይቀበላል፣ ይሳሳታል፣ ይታረማል፣ እንደገና ይባላል። አንዱ ይትባረክ በአንድ ቁጭታ አሥር ጊዜ ሊዞር ይችላል። ምዕራፉ መጀመር ያለበት የኔታ ለመጀመሪያ ጊዜ ሃሌታውን ከሚያነሡበት ሁለት ሦስት ሰከንድ ቀደም ብሎ ነው። በትክክለኛው ሰከንድ ላይ ብታደርጉት የመጀመሪያው ድምፅ ይቆረጣል፤ ለዜማ ተማሪ ደግሞ አነሣሡ ዋናው ነው። ተማሪው ሲቀበል፣ ሲሳሳት፣ ሲታረም የሚያልፈው ጊዜ ለብቻው ምዕራፍ አያስፈልገውም። በየሃሌታው ምዕራፍ የሚያደርጉ ሰዎች አይቻለሁ። ሦስት ሰዓት ላይ ስልሳ ምዕራፍ ሲደረደር መስመሩ በጣት የማይያዝ ቁርጥራጭ ይሆናል። የእኔ ልክ ለአንድ ጥያቄ አንድ ምዕራፍ ነው። የመጨረሻውን «ሙሉው ያለ ማቋረጥ» የጨመርኩት ለሁለተኛው ዓይነት ተማሪ ነው፤ አስቀድሞ ያጠና፣ አሁን ግን ከየኔታ ጋር አብሮ ማለት የሚፈልግ።

ጥያቄዎቹን ከየት አመጣኋቸው? ከራሴ አልፈጠርኳቸውም። ዩቲዩብ ስቱዲዮ ውስጥ አናሊቲክስ ላይ፣ ሰዎች በዩቲዩብ ፍለጋ ሲመጡ የጻፏቸው ቃላት ተዘርዝረው ይታያሉ። እዚያ ገብታችሁ በዓሉ ሲቃረብ የተጻፈውን እንደወረደ አንብቡት፤ ርዕስ የሚሰጣችሁ እሱ ነው። ሁለተኛው ምንጭ ተመልካቹ የቱ ጋ እንደቆየ የሚያሳየው ግራፍ ነው። መስመሩ እየወረደ ሄዶ በድንገት ሽቅብ የሚል ቦታ ካለ ሰዎች እዚያ ላይ እየተመለሱ ደጋግመው ያያሉ ማለት ነው። በዚህ ቪዲዮ ላይ እንዲህ ያለ ጉብታ ሰላሙ ከመጀመሩ በፊት ነበር። ገብቼ ሳዳምጥ የኔታ የቤተልሔሙንና የአቻብሩን አባባል ለንጽጽር ጎን ለጎን ሲያዜሙ አገኘሁ። ለዚያ ምዕራፍ አልሰጠሁትም ነበር፤ አሁን «የቡሄ ሰላም፦ ቤተልሔምና አቻብር ልዩነቱ» ይላል። የዜማውን ቤት ስም መጥራት እዚህ ላይ ግዴታ ነው። አለዚያ የቤተልሔም ተማሪ በአቻብሩ አጥንቶ ወደ መምህሩ ይሄዳል፣ የሚደርስበትን እናንተው ገምቱት።

ዩቲዩብ ራሱ ምዕራፍ እንዲከፍል የሚፈቅድ ቦታ አለ። ለድጓ አትመኑት። ማሽኑ ተጎትቶ የሚዜም ግዕዝ ምን እንደሚል አይለይም። በእጃችሁ የጻፋችሁት ካለ ቅድሚያ የሚሰጠው ለእናንተ ስለሆነ ጻፉ።

ተስፋችሁንም በልኩ አድርጉት። ምዕራፍ መጻፍ በጉግል ላይ ደቂቃው ለብቻው እንዲወጣ በር ይከፍታል እንጂ ዋስትና አይሆንም፤ የሚያወጣውን የሚመርጠው ጉግል ነው። የቪዲዮው ዋና ርዕስ «ክፍል 7» ሆኖ ከቀረ ደግሞ የምዕራፍ ርዕስ ብቻውን አያነሣውም። መጀመሪያ ርዕሱን «የቡሄ (ደብረ ታቦር) ዋዜማ በቤተልሔም ዜማ» አድርጉ፣ ከዚያ ምዕራፍ።

የኔታ ይህን ሁሉ ሲያዩ የጠየቁኝ አንድ ነገር ነበር። «ልጄ፣ ትምህርቱን ቆራርጠህ አትስጥብኝ፤ ድጓ ተዘሎ አይማሩትም» አሉኝ።

«አልቆረጥኩም የኔታ፤ ቪዲዮው ሙሉ ነው። ድጓው ላይ በቀይ ቀለም እንደተጻፈው ርእስ ብቻ ነው ያደረግሁት» አልኳቸው።

ዝም አሉና ስልኩን ተቀብለው «ይትባረክ» የሚለውን ነኩት። ትንሽ አዳመጡ። «እዚህ ጋ እኔው ራሴ ስቻለሁ» አሉ፣ «ከዚህ ቀጥሎ ያለውን፣ ያረምኩትን ርእስ አድርግልኝ።»

አሁን የቡሄ ይትባረክ የሚጀምረው ከ1:31:40 ነው።